መቶ ሃያ ገጽ በአንድ ገጽ፦ ምኑን ልተወው?

*ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ፋይናል ፈተና ሊደርስብኝ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ፈተናው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ነው። ሃንድአውቱ 120 ገጽ ሲሆን አስተማሪያችን «በአንድ ገጽ ሾርት ኖት አውጡና በእሱ ከልሱ» ብለውናል። መጀመሪያ በማርከር ሳሰምር ገጹ ሁሉ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ በደብተር ስጽፍ 26 ገጽ ደረሰና ደክሞኝ ተውኩት። የምተወው ነገር ሁሉ ፈተና ላይ የሚመጣ ይመስለኛል። በሚድ ፈተና ሁሉንም አንብቤ ገብቼ ከግማሽ በታች ነው ያመጣሁት። የዶርም ጓደኛዬ የራሷን ሾርት ኖት ፎቶኮፒ አድርጊው ብላኛለች። የእሷን ልውሰድ ወይስ እንደገና ልሞክር?*

*ሁሉም አስፈላጊ የሚመስላት*

ውድ እህቴ፣

አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን 26 ገጽ ስትጽፊ ሃንድአውቱ ፊትሽ ተከፍቶ ነበር ወይስ ተዘግቶ? ተከፍቶ እንደነበር እገምታለሁ። እንደዚያ ከሆነ የደከመሽ የመምረጥ ችሎታ ስለሌለሽ አይደለም። ጽሑፉ ዓይንሽ ሥር እስካለ ድረስ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አስፈላጊ ሆኖ ይታያል፤ አዘጋጆቹም ቢሆኑ አያስፈልግም ብለው ያሰፈሩት ነገር የለም። ስለዚህ ምን ልተው የሚለውን ጥያቄ ጽሑፉን እያየሽ መመለስ ለማንም ይከብዳል። ሃንድአውቱ ሲዘጋ ግን ጥያቄው በከፊል ራሱን ይመልሳል፤ ምክንያቱም ጭንቅላትሽ ውስጥ የቀረውና ያልቀረው ወዲያውኑ ተለይቶ ይታያል። የአንድ ገጽ ማጠቃለያ የሚሠራው ከዚህ ልዩነት ነው።

የሚድ ፈተናው ውጤት ያሳዘነሽ ብዙ ደክመሽበት ስለነበር እንደሆነ ይገባኛል። ደጋግሞ ማንበብ ገጹን ያለማምዳል፤ መስመሩን ስናየው «ይህንማ አውቀዋለሁ» እንላለን። ፈተናው የሚጠይቀው ግን ገጹ በሌለበት ከራስ ማውጣትን ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ፣ በአንደኛው ሁኔታ ያንኑ ጽሑፍ ደግመው አነበቡ፤ በሌላኛው ሁኔታ ግን ጽሑፉ ተወስዶ ያስታወሱትን በባዶ ወረቀት እንዲጽፉ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ደግመው ያነበቡት 42 ከመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ከራሳቸው አውጥተው የጻፉት 56 ከመቶ ያህሉን አስታወሱ። አንቺም በደንብ አንብበሽ ነበር፤ ነገር ግን አንብበሽ ስትጨርሺ የተሰማሽ የማወቅ ስሜት ከአምስት ደቂቃው ፈተና ጋር የሚመሳሰል ይመስለኛል።

ወደ ሥራው እንግባ። ምንም ከመጻፍሽ በፊት የኮርሱን አውትላይንና ሃንድአውቱን ጎን ለጎን አስቀምጪ። ከዚያም እያንዳንዱ ምዕራፍ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደወሰደና በክፍል ውስጥ የቱ እንደተተኮረበት በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ይህን ከአስተማሪሽ መጠየቅም ነውር የለውም። «ምን ይመጣል?» ብለሽ አትጠይቂያቸው፤ «የምርጫ ጥያቄ ነው ወይስ የሚብራራ? ካርታ ወይም ስሌት ይኖረዋል?» ብትያቸው ግን አብዛኞቹ አስተማሪዎች በደስታ ይመልሱልሻል፤ መልሱም ወረቀትሽ ላይ ምን መግባት እንዳለበት በቀጥታ ይወስናል። ከዚያ አንድ የኤፎር ወረቀት ወስደሽ ሦስት ጊዜ እጠፊው፤ ስትዘረጊው ስምንት ሳጥን ታገኛለሽ። ብዙ ክፍለ ጊዜ የወሰደውና ምክንያትና ውጤት የበዛበት ምዕራፍ ሁለት ሳጥን ይውሰድ፤ እንደ መግቢያው ያለው ቀላል ምዕራፍ ደግሞ ከሌላው ጋር ይዳበል። ወረቀቱ ገና ባዶ ሳለ ቦታው ስለተከፋፈለ፣ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ሰፊውን ቦታ ወስደው የኢኮኖሚው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ በጥቃቅን ፊደል የሚታጨቅበት የተለመደ ችግር አይገጥምሽም። የእጅ ጽሕፈትሽ በደብተር ላይ ከምትጽፊው ካነሰ ወረቀቱ እየሞላ ሳይሆን እየታጨቀ ነውና አንድ ነገር ማውጣት አለብሽ ማለት ነው።

አሁን አንድ ክፍል አብረን እንሥራ። የጂኦሎጂውን ምዕራፍ ክፈቺና ሜሶዞይክ ስለሚባለው ዘመን የሚያወራውን አንብቢ። ማርከር አትያዢ። አንብበሽ ስትጨርሺ ሃንድአውቱን ዝጊና በቁራጭ ወረቀት ላይ የምታስታውሺውን በራስሽ ቃል ጻፊ። መጀመሪያ ላይ የሚወጣልሽ ምናልባት «ባሕሩ መሬቱን ሸፈነ፣ ከዚያ ሸሸ፣ የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ተፈጠረ» የሚል ይሆናል። ጥሩ ነው፤ አጥንቱ ይኸው ነው። አሁን ሃንድአውቱን ክፈቺና የጎደለውን ብቻ በሌላ ቀለም ጨምሪ። ባሕሩ የገባው ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከዛሬዋ ሶማሊያና ኦጋዴን በኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ ነበር። ባሕሩ ሲገባ በጥልቀት በሌለው ዳርቻው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ተነጠፈ፤ ውኃው ሲጠልቅ በላዩ የሂንጣሎ ኖራ ድንጋይ ተተከለ፤ መሬቱ ከፍ እያለ ባሕሩ ወደመጣበት ሲመለስ ደግሞ የላይኛው አሸዋ ድንጋይ ከላይ ተደረበ። በማጠቃለያው ላይ የሚሰፍረው ይህን ያህል ብቻ ነው፦

*ባሕር ከደ/ምሥራቅ ገባ → አዲግራት አሸዋ ድንጋይ (ታች)። ጠለቀ → ሂንጣሎ ኖራ ድንጋይ (መሃል)። ሸሸ → የላይኛው አሸዋ ድንጋይ። ዕድሜያቸው በየት ይበልጣል? ለምን?*

መጨረሻው ጥያቄ መሆኑን ልብ በይ። መልሱን ሆን ብዬ አልጻፍኩትም፤ ምክንያቱም ከፊተኛው መስመር ራስሽ ልታወጪው ትችያለሽ። ባሕሩ ቀድሞ የደረሰው ደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ በዚያ በኩል ዕድሜው ይበልጣል፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲሄድ እያነሰ ይመጣል። ባሕሩ ሲሸሽ ግን ቀድሞ የለቀቀው ሰሜን ምዕራቡን ነው፤ ስለዚህ የላይኛው አሸዋ ድንጋይ በተቃራኒው በሰሜን ምዕራብ ያረጀ ሲሆን በደቡብ ምሥራቅ ዕድሜው ያነሰ ነው። በዚህ ላይ የምርጫ ጥያቄ ቢመጣ፣ የድርብርቡን ቅደም ተከተል ቢጠይቅም፣ የዕድሜውን አቅጣጫ ቢጠይቅም፣ ኖራ ድንጋዩ ለምን በመሃል እንደተገኘ ቢጠይቅም ከእነዚያ አጭር መስመሮች ይመለሳል። ከአንድ ሐሳብ ብዙ መልስ የሚወጣበት እንዲህ ያለው መስመር ወረቀትሽ ላይ ቦታ ይገባዋል። አንድ ጥያቄ ብቻ የሚመልስና በሌላ ነገር የማይደገፍ ዝርዝር ግን፣ አስተማሪው በክፍል ደጋግመው ካላነሱት በቀር፣ በሃንድአውቱ ይቅር።

የቀረው ነገር እንዲያስፈራሽ አልፈልግምና ለዚህ ቀላል መላ አለ። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን የሃንድአውቱን ገጽ ቁጥር ጻፊ፤ ለምሳሌ «ገ. 19»። እንዲህ ስታደርጊ የተውሽው ነገር የት እንዳለ ታውቂያለሽ፤ በጥርጣሬ ጊዜም 120 ገጽ ማገላበጥ ሳያስፈልግሽ በአንድ ጊዜ ትደርሺበታለሽ። ብዙ ተማሪዎች ዝርዝር ነገር ማውጣት የሚከብዳቸው አንዴ ካወጡት የሚጠፋ ስለሚመስላቸው ነው፤ የገጹ ቁጥር ይህን ስጋት ያቀልላል።

የአየር ንብረቱ ምዕራፍ ሌላ ዓይነት አጨማመቅ ያስፈልገዋል። በአብዛኛው ሃንድአውት ላይ በርሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ከከፍታቸው፣ ከሙቀታቸው፣ ከዝናባቸውና ከሰብላቸው ጋር በሰንጠረዥ ተቀምጠዋል። ሰንጠረዡን እንዳለ ብትገለብጪው ሳጥንሽን ይጨርሰዋል። ይልቅ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ከታች ወደ ላይ አስምሪና አራት ቁጥሮች ብቻ አስቀምጪበት፤ እነርሱም 500፣ 1500፣ 2300 እና 3200 ሜትር ናቸው። በርሃው ከ500 በታች፣ ውርጩ ከ3200 በላይ ሲሆን ሌሎቹ ሦስቱ በየመሃሉ ይገባሉ። ድንበሮቹ ከመጽሐፍ መጽሐፍ በጥቂቱ ስለሚለያዩ በአንቺ ሃንድአውት የታተሙትን ተጠቀሚ። ከመስመሩ ጎን «በ1000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል» ብለሽ ጻፊ። ይህ አንድ መስመር የሙቀቱን ዓምድ በአብዛኛው ይተካል። ለምሳሌ 500 ሜትር ላይ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን፣ 2500 ሜትር ላይ ስንት ይሆናል ተብለሽ ብትጠየቂ፣ ልዩነቱ 2000 ሜትር ስለሆነ 13 ዲግሪ ቀንሶ 15 ይሆናል። ሰብሉን ግን መገመት አይቻልምና ለየእርከኑ አንድ አንድ ብቻ ምረጪ፤ ለደጋ ገብስ፣ ለወይና ደጋ ጤፍ፣ ለቆላ ማሽላ ቢሆን በቂ ነው።

የተፋሰሶቹን ምዕራፍ በጽሑፍ አትድከሚበት፤ በሳጥኑ ውስጥ የአገሪቱን ንድፍ በእጅሽ ሣይና ቀስቶች አድርጊበት። ዓባይ፣ ተከዜና ባሮ ወደ ምዕራብ፣ ዋቢ ሸበሌና ገናሌ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ አዋሽ በስምጥ ሸለቆው ተጉዞ ወደ አቤ ሐይቅ፣ ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባሉ። ንድፉ ውበት አያስፈልገውም፤ ቀስቱ በትክክለኛው አቅጣጫ ከሄደ ይበቃል። የወንዞቹን ርዝመትና የተፋሰሶቹን ስፋት በሙሉ ለመያዝ አትሞክሪ፤ ትልቁና ትንሹ የቱ እንደሆነ ማወቅ ከአብዛኛው ቁጥር ይበልጥ ይጠቅምሻል። ከሕዝብ ብዛቱ ምዕራፍ ደግሞ የውልደትና የሞት መጠን ቀመሮችን ያዢ፤ እነዚህ አንድ ነገር ከጎደለባቸው ስሌቱ ሁሉ ስለሚበላሽ ሳይጨመቁ መጻፍ አለባቸው።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ልጨምር። ፈተናሽ በእንግሊዝኛ ከሆነ የቃላቱን ስያሜ ፈተናው ላይ በሚመጡበት መልክ በእንግሊዝኛ ጻፊያቸው። ምክንያቱንና ቅደም ተከተሉን ግን በአማርኛ ወይም ቤት ውስጥ በምትናገሪበት ቋንቋ ጻፊ። በእንግሊዝኛ የተገለበጠ ዓረፍተ ነገር ሳይገባን እንኳ ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ በራሳችን ቋንቋ ግን ያልገባንን ነገር መጻፍ ስለሚያስቸግር ያልገባሽ ቦታ ወዲያው ይታወቅሻል። የሂንጣሎውን ኖራ ድንጋይ ለእናትሽ እንደምታስረጂ አድርገሽ በአማርኛ ካልተናገርሽው፣ ያን ክፍል ገና አላወቅሽውም ማለት ነው፤ መፍትሔውም እንደገና መጻፍ ሳይሆን ወደ ገጹ ተመልሶ ምክንያቱን መፈለግ ነው።

የጓደኛሽን ሾርት ኖት በሚመለከት ቅን ሐሳብ እንዳላት ግልጽ ነውና አትመልሺባት፤ ነገር ግን የራስሽን ሳትጨርሺ አትመልከቺው። በእሷ ወረቀት ላይ ያለው እሷ የሚጠፋባት ነገር ነው፤ እሷ በቃሏ ስለያዘችው ያልጻፈችውን አንቺ ላታውቂው ትችያለሽ። ስለዚህ ሁለታችሁም የየራሳችሁን ስትጨርሱ ጎን ለጎን አስቀምጡና የተለያየውን ተነጋገሩበት። «ይህን ለምን አስገባሽው?» ብለሽ ስትጠይቂያት በምትሰጥሽ መልስ ውስጥ አስተማሪው የተናገሩትና አንቺ ያመለጠሽ ነገር ይገኝበታል። እሷም ከአንቺ የምታገኘው ይኖራል። እንዲህ ከሆነ መቀበልም መስጠትም ስላለበት ለጓደኝነታችሁም ጥሩ ነው።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ሠርቶ እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በማግሥቱ ጠዋት ወረቀቱን ሳታዪ ባዶ ወረቀት ላይ ስምንቱን ሳጥኖች ከነይዘታቸው ለመሥራት ሞክሪ። ያልመጣልሽን ሳጥን ብቻ ተመልሰሽ አስተካክዪ። ከዚያ ያለፉ ዓመታት ፈተና ወይም የክፍል መልመጃ ካገኘሽ ሃያ ያህል ጥያቄ ሥሪና የሳትሽውን እያንዳንዱን ጥያቄ ለምን እንደሳትሽው ለይ። መልሱ ወረቀትሽ ላይ ጨርሶ ከሌለ፣ የጎደለውን መስመር ጨምሪና በምትኩ ያለ ችግር የምታውቂውን አውጪ። መልሱ ወረቀቱ ላይ እያለ ካልመጣልሽ፣ መስመሩ ትክክል ነው፤ የሚያስፈልገው ሳያዩ መድገም ነው። መልሱን እያወቅሽ «ያልሆነው የቱ ነው» የሚለውን ዘልለሽ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከጥያቄው አነባበብ ስለሆነ ወረቀቱን አትንኪው። ሦስቱን ካልለየሽ በእያንዳንዱ ስህተት ወረቀቱ ላይ መጨመር ትጀምሪያለሽ፤ እንደገናም ወደ 26 ገጽ ትመለሻለሽ። ሌላም ምልክት አለ፤ ትናንት ያሳጠርሽው ቃል ዛሬ ምን እንደሆነ ካልገባሽ በጣም አሳጥረሽዋልና በሁለት ፊደል ረዘም አድርጊው።

ካለሽ ጊዜ አንጻር የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቀናት ምዕራፎቹን አንብቦ እየዘጉ ለመጻፍ፣ ሰባተኛውን ቀን ከቁራጭ ወረቀቶቹ ወደ ስምንቱ ሳጥኖች ለማዛወር፣ የቀሩትን ደግሞ ለመሞከርና ለማስተካከል ብታውያቸው ይደርሳል። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ካልተቋረጠ በቂ ይመስለኛል። ሌሎች ኮርሶችም እንዳሉብሽ አልዘነጋሁም። ማስጠንቀቅ የሚገባኝ ይህ ዘዴ ለሒሳብ ኮርስሽ እንዲህ አይሠራም፤ እዚያ ቀመሮቹን አንድ ገጽ ላይ ማስፈር ቢቻልም ጥያቄ በእጅ ካልተሠራ ወረቀቱ ብቻውን አያሳልፍም።

የፈተናው ዕለት ወረቀቱን ዶርም ትተሽው ሂጂ። አብሮሽ ፈተና ክፍል ከገባ፣ ሳታወጪው እንኳ ቢገኝብሽ እንደ ኩረጃ ሊቆጠርብሽ ይችላል። ነገ ጠዋት ግን ላይብረሪ ስትገቢ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከመክፈትሽ በፊት፣ በሚድ ፈተና ከሳትሻቸው ጥያቄዎች የምታስታውሻቸውን ጻፊያቸውና ከየትኛው ምዕራፍ እንደመጡ ለይ። ሁለት ሳጥን የሚገባው የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ከእነርሱ መለየት ትጀምሪያለሽ። ሚዱን ያረሙት አስተማሪ ወረቀትሽን እንድታዪ ከፈቀዱልሽ ደግሞ ዛሬውኑ ቢሯቸው ሄደሽ ጠይቂያቸው።